ያልተከፈለ ወጪና ያላለቀ ክፍያ፦ የሂሳብ ዘመን ማብቂያ ማስተካከያ ትርፍን ለምን ይለውጣል?



ዛሬ የምናገርበት ርዕስ በአንደኛ ዓመት የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሚሰጠው ነው። ብዙዎቻችሁ ተፈትናችሁበት አልፋችኋል። ይሁን እንጂ የምረቃ ጽሑፍ በማማክርበት ጊዜ ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። ተማሪዎች የማስተካከያ ምዝገባውን ዴቢትና ክሬዲት በትክክል ያስቀምጡና፣ «ታዲያ ትርፉ ለምን ተለወጠ? ከካዝናው የወጣም ሆነ የገባ ገንዘብ የለም እኮ» ተብለው ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ዝምታው ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ዓይነት ማስተካከያዎችን ብቻ እንመለከታለን፤ በክፍል ውስጥ አክሩድ ኤክስፔንስ የምትሉትን ያልተከፈለ ወጪ፣ እንዲሁም ፕሪፔይድ ኤክስፔንስ የምትሉትን ቅድሚያ ክፍያ። የእርጅና ቅናሽን፣ የዕቃ ክምችትንና አጠራጣሪ ተሰብሳቢዎችን ለሌላ ቀን እናቆያቸዋለን።

ለማስረጃ ያህል ለዚህ ንግግር ብዬ ያዘጋጀሁትን አንድ ምናባዊ ማተሚያ ቤት ላቅርብ። ሁለት ሸሪኮች እኩል ገንዘብ አዋጥተው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ሥራ ጀመሩ። የሂሳብ ዘመናቸው እንደ አብዛኛው የአገራችን ድርጅት ሰኔ 30 ቀን 2017 ይዘጋል። ከሸሪኮቹ አንዱ በዚያው ዕለት ከሥራው ለመሰናበት ወስኗል። በውላቸው መሠረት ያዋጣውን ገንዘብና የዓመቱን ትርፍ ግማሽ ይዞ ይሄዳል። ሂሳብ ሠራተኛው መዝገቡን ደምሮ ገቢ 4,800,000 ብር፣ ወጪ 4,180,000 ብር፣ ትርፍ 620,000 ብር መሆኑን አሳወቀ። የገቢ ግብርን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው፣ ተሰናባቹ ሸሪክ 310,000 ብር የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል ማለት ነው። ጥያቄው፣ ይህ 620,000 ብር በእርግጥ የዓመቱ ትርፍ ነውን? የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት ሂሳብ ሠራተኛው ወጪን የመዘገበው በምን ምክንያት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የመዘገበው ቼክ ሲፈርም፣ ደረሰኝ ሲቀበል፣ ቢል ሲመጣለት ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ሌላ የሚያዝ ነገር የለም። የመብራት ኃይል በየሰዓቱ ይበላል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ቫውቸር የሚያዘጋጅ ሰው የለም። ስለዚህ መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ የሚከተለው ወረቀትን ነው። ወጪ ግን በወረቀት አይፈጠርም። ወጪ የሚፈጠረው ድርጅቱ አንድን አገልግሎት ወይም ንብረት ሲጠቀምበትና ሲያሟጥጠው ነው። ሰኔ 30 ማታ በወረቀቱና በተጠቀሙበት መካከል ያለው ክፍተት ተለክቶ መሞላት አለበት፤ የማስተካከያ ምዝገባ ማለት ይኸው ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተግባራዊ የሆኑት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችም፣ ከጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ በስተቀር የፋይናንስ መግለጫዎች ሁሉ በዚህ በአክሩዋል መርሕ እንዲዘጋጁ ያዛሉ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ እንመለስ። በቅድሚያ ያልተከፈሉትን ወጪዎች እንፈልግ።

ማተሚያ ማሽኖቹ ሰኔን ሙሉ ሲሠሩ ከርመዋል። ቆጣሪው የሚነበበው ግን በወሩ መጨረሻ ነው፤ ቢሉ የሚደርሰው ሐምሌ ውስጥ ነው። ከንባቡ ተነሥተን ሂሳቡን ብናሰላው 28,000 ብር ይሆናል። በሰኔ ወር ደግሞ አንድ ትልቅ ሥራ ለማድረስ ሠራተኞች ሌሊት ሠርተዋል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው 46,000 ብር ሲሆን የሚከፈላቸው ከሐምሌ ደመወዝ ጋር ነው። ሦስተኛው የባንክ ወለድ ነው። ድርጅቱ ጥቅምት 1 ቀን 2017 በዓመት 15 በመቶ ወለድ 1,200,000 ብር ተበድሯል፤ ወለዱ የሚከፈለው በየስድስት ወሩ ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለው ተከፍሏል። የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ወለድ ግን አልተከፈለም፤ 1,200,000 በ15 በመቶ ተባዝቶ የዓመቱ ሩብ ሲወሰድ 45,000 ብር ይሆናል። ከሦስቱ በጣም የሚረሳው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ለመብራት ቢል፣ ለትርፍ ሰዓት ደግሞ የሚጠይቅ ሠራተኛ አለ፤ ወለድ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጠራቀመው።

ለሦስቱም ምዝገባው አንድ ዓይነት ነው። የወጪው ሂሳብ ዴቢት ይሆናል፤ «ያልተከፈሉ ወጪዎች» የሚባል የዕዳ ሂሳብ ክሬዲት ይሆናል። ጥሬ ገንዘብ አልተነካም። ይልቁንም ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተቀይረዋል፤ ወጪ በ119,000 ብር ጨምሯል፣ ዕዳም በዚያው መጠን ጨምሯል። ትርፍ የተለወጠበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ትርፍ የሚለካው ባለንብረቶቹ በድርጅቱ ላይ ያላቸው ድርሻ ምን ያህል እንዳደገ ነው፤ ያ ድርሻ ደግሞ ከጠቅላላ ሀብት ላይ ዕዳ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሀብቱ ባለበት ቆሞ ዕዳ ከጨመረ ድርሻው የግድ ይቀንሳል። ማስተካከያው ትርፉን አልቀነሰውም ማለት እንችላለን፤ ትርፉ ማሽኖቹ በሰኔ መብራቱን ሲበሉ ቀንሶ ነበር፤ መዝገቡ ነው ዘግይቶ የደረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል። «ወደፊት የሚከፈል» የተባለ ሁሉ ያልተከፈለ ወጪ አይደለም። የዚህ ማተሚያ ቤት አንድ ማሽን ግንቦት ላይ ተበላሽቶ፣ ባለሙያ የሚመጣውና የሚጠግነው ነሐሴ ላይ ነው እንበል። የጥገናው ዋጋ ሰኔ 30 ላይ ይመዘገባል? አይመዘገብም። ብልሽቱ የደረሰው በዚህ ዓመት ቢሆንም የጥገና አገልግሎቱን ገና አልተቀበልንም፤ ድርጅቱ ማሽኑን ሳያስጠግን ሸጦት ሊገላገልም ይችላል፤ ስለዚህ ለማንም ዕዳ የለበትም። ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 37 ያልተከፈለ ወጪን የሚያየው ለተቀበልነው ዕቃ ወይም አገልግሎት ያለብን ዕዳ አድርጎ ነው። መለኪያው መቀበል ነው። በዚሁ መለኪያ የኦዲት ክፍያን ስናየው ነገሩ ያከራክራል። ብዙ ድርጅቶች የዓመቱን የኦዲት ክፍያ በሙሉ በዓመቱ መጨረሻ ይመዘግባሉ፤ «የዚህ ዓመት ሂሳብ ነው የሚመረመረው» ይላሉ። ሆኖም ኦዲተሩ ሥራውን የሚጀምረው መስከረም ላይ ከሆነ፣ ሰኔ 30 ላይ የተቀበልነው አገልግሎት የለም። እኔ በበኩሌ ልማዱ ከመርሑ ጋር አይስማማም ባይ ነኝ፤ የማይስማሙኝ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት፣ ወደ ቅድሚያ ክፍያ እንሻገር። ማተሚያ ቤቱ ሁለት ቅድሚያ ክፍያዎች አሉት፤ ሆን ብዬ ሁለቱን በተለያየ መንገድ አስመዝግቤአቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መድን ነው። አዲሱ ማሽን ሲገባ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 የአንድ ዓመት አረቦን 180,000 ብር ተከፈለ፤ ሂሳብ ሠራተኛውም ሙሉውን በመድን ወጪ ሂሳብ ላይ መዘገበው። እስከ ሰኔ 30 ያለፉት ሰባት ወራት ናቸው፤ በወር 15,000 ብር ቢታሰብ ያለቀው 105,000 ብር ነው። የቀሩት አምስት ወራት 75,000 ብር የሚያወጣ የመድን ሽፋን ገና በእጃችን አለ። ይህ ሀብት ነው። ስለዚህ «ቅድሚያ የተከፈለ መድን» 75,000 ዴቢት፣ የመድን ወጪ 75,000 ክሬዲት ይሆናል። ወጪ ይቀንሳል፣ ትርፍ ይጨምራል።

ሁለተኛው የወረቀት መጋዘን ኪራይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2017 የስድስት ወር ኪራይ 240,000 ብር ተከፈለ። ይህኛውን ሂሳብ ሠራተኛው «ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» በሚል የሀብት ሂሳብ ላይ መዘገበው። እስከ ሰኔ 30 አራት ወር አልፏል፤ በወር 40,000 ሲታሰብ 160,000 ብር የሚያህለው አልቋል፣ 80,000 ብር ይቀራል። ስለዚህ የኪራይ ወጪ 160,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 160,000 ክሬዲት። እዚህ ወጪ ይጨምራል፣ ትርፍ ይቀንሳል።

አስተውሉ። ሁለቱም ቅድሚያ ክፍያዎች ናቸው፤ ግን አንዱ ትርፍን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጓል። «ቅድሚያ ክፍያ ሲስተካከል ትርፍ ይጨምራል» ብሎ በቃሉ የሸመደደ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የማስተካከያው አቅጣጫ የሚወሰነው ገንዘቡ ሲከፈል መጀመሪያ የት እንደተመዘገበ ነው። በወጪ ተመዝግቦ ከሆነ የምናወጣው ያላለቀውን ነው፤ በሀብት ተመዝግቦ ከሆነ የምናወጣው ያለቀውን ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ውጤት ግን በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ የመድን ወጪ 105,000፣ የኪራይ ወጪ 160,000።

የመጀመሪያውን ምዝገባ ሳያይ ማስተካከያ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንይ። በመድኑ ላይ፣ ያለቀው 105,000 ስለሆነ የመድን ወጪን 105,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ የተከፈለ መድንን 105,000 ክሬዲት አደረገ እንበል። የመድን ወጪ 180,000 ሲደመር 105,000፣ ማለትም 285,000 ብር ሆነ። ድርጅቱ ለመድን የከፈለው ግን በጠቅላላው 180,000 ብር ብቻ ነው! የሙከራ ሚዛኑ ይህን ስሕተት አያጋልጥም፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ስለሆኑ ሚዛኑ እንደቆመ ነው። የሚያጋልጠው ሌላ ምልክት ነው፤ ቅድሚያ የተከፈለ መድን የሚባለው የሀብት ሂሳብ የ105,000 ብር የክሬዲት ቀሪ ያሳያል። ሀብት ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። ከዜሮ በታች የወረደ የቅድሚያ ክፍያ ሂሳብ ስታዩ፣ ማስተካከያው በተገላቢጦሽ መንገድ እንደተሠራ መጠርጠር ይበጃል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጳጉሜን አንድ ነገር ልበል፤ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ከውጭ የመጡ ስለሆኑ አይነግሯችሁም። የቤት ኪራይና ደመወዝ በልማድ በአሥራ ሁለት ወር ስለሚታሰቡ ጳጉሜን ለብቻዋ አትቆጠርም። መድን ግን የሚሸፍነው ቀናትን ነው። የመድኑን ቀሪ በቀን ብናሰላው ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር 90፣ በድምሩ 155 ቀን ይሆናል፤ 180,000 በ365 ተካፍሎ በ155 ሲባዛ 76,438 ብር ገደማ ነው። በወር ካገኘነው 75,000 ጋር ያለው ልዩነት 1,438 ብር ነው። ለዚህ ማተሚያ ቤት ይህ ልዩነት ውሳኔ አይለውጥም፤ ብዙ ተሽከርካሪ ላለው የትራንስፖርት ድርጅት ግን ሊለውጥ ይችላል። ዋናው ነገር አንዱን ዘዴ መርጦ ከዓመት ዓመት በእርሱ መጽናት ነው።

እንግዲህ እንደምር። ከማስተካከያ በፊት ትርፉ 620,000 ብር ነበር። ላላለቀው መድን 75,000 እንጨምራለን። ላለቀው ኪራይ 160,000፣ ላልተከፈሉት ወጪዎች 119,000 እንቀንሳለን። የሚቀረው 416,000 ብር ነው። ትርፉ በ204,000 ብር፣ በሌላ አነጋገር በሲሶ ያህል ዝቅ ብሏል። የተሰናባቹ ሸሪክ ድርሻ 310,000 ሳይሆን 208,000 ብር ነው።

«ምን ቸገረን? ዘንድሮ ያልተመዘገበው ወጪ ለከርሞ ይመዘገባል፤ በሁለት ዓመት ድምር ነገሩ ይካካሳል» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። በስሌት ደረጃ እውነት ነው። ማስተካከያው ተትቶ ቢሆን ኖሮ፣ የቀጣዩ ዓመት ሂሳብ በትክክል እስከተዘጋ ድረስ፣ የዘንድሮው ትርፍ በ204,000 ከፍ ብሎ የከርሞው በ204,000 ዝቅ ይል ነበር፤ የሁለት ዓመቱ ድምር አይለወጥም። ማስተካከያ ትርፍን ከዓመት ወደ ዓመት ያዛውራል እንጂ አይፈጥርም፣ አያጠፋምም። ነገር ግን ዘንድሮ ትርፉን የሚካፈሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከርሞ የሚቀረው አንድ ነው። ተሰናባቹ 102,000 ብር ያለ አግባብ ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ሸሪክ ደግሞ አብረው የተጠቀሙበትን የመብራት፣ የጉልበት፣ የወለድና የመጋዘን ዋጋ ብቻውን ይሸከማል። ማካካሻው የሚሠራው ሰዎቹ፣ ድርሻቸውና የግብር ሁኔታቸው ሳይለወጥ ለሚቀጥሉበት ድርጅት ብቻ ነው።

ይህ ክርክር ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምረናል። ማተሚያ ቤታችን የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ስለሆነ ከአምና የተላለፈ ቀሪ የለውም፤ ለዚህም ነው ስሕተቱ የገዘፈው። በሁለተኛው ዓመት አረቦኑ እንደገና 180,000 ቢሆን፣ ትክክለኛው የመድን ወጪ ከአምና የተላለፈው 75,000 እና የዘንድሮው 105,000፣ በድምሩ 180,000 ይሆናል፤ ከተከፈለው ጋር እኩል ነው። አረቦኑ ወደ 240,000 ቢያድግ ግን ወጪው 75,000 ሲደመር 140,000፣ ማለትም 215,000 ሲሆን የተከፈለው 240,000 ነው። ስለዚህ በነባር ድርጅት ትርፍን የሚያዛባው የዓመቱ መጨረሻ ቀሪ በሙሉ ሳይሆን፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀሪ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዋጋ በማይለወጥበትና ሥራ በማያድግበት ዘመን ማስተካከያን የዘለለ ሂሳብ ሠራተኛ ሳይነቃበት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ዋጋ ሲወጣ ግን ይጋለጣል። በዚያ ጸጥተኛ ዘመንም ቢሆን የሀብትና ዕዳ መግለጫው በየዓመቱ የተሳሳተ ነው፤ ለባንክ የቀረበው መግለጫ ያልተከፈለ ወለዱን አያሳይም።

ከጥያቄዎቹ መካከል ሁለቱን ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ «ሐምሌ ላይ ቢሉ ሲከፈል እንዴት ይመዘገባል?» የሚል ነው። ቀጥተኛው መንገድ ያልተከፈሉ ወጪዎችን ዴቢት፣ ባንክን ክሬዲት ማድረግ ነው። ችግሩ፣ ሐምሌ ላይ ቫውቸሩን የሚያዘጋጀው ሰው ሰኔ 30 የተደረገውን ላያውቅ ይችላል፤ እንደ ልማዱ የመብራት ወጪን ዴቢት ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ 28,000 ብሩ ሁለት ጊዜ ወጪ ሆነ፤ አንድ ጊዜ በ2017፣ አንድ ጊዜ በ2018 የሂሳብ ዘመን። ዕዳው ደግሞ ማንም ሳይነካው በመዝገቡ ላይ ይኖራል። ይህን ለማስቀረት ሐምሌ 1 ቀን ማስተካከያውን መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ዕዳው 28,000 ዴቢት፣ የመብራት ወጪ 28,000 ክሬዲት። የወጪ ሂሳቡ አዲሱን ዓመት በ28,000 ክሬዲት ይጀምራል፤ ቢሉ በልማዱ ሲመዘገብ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቢሉ 29,500 ሆኖ ከመጣ 1,500 ብሩ በአዲሱ ዓመት ወጪ ላይ ይቀራል፤ ግምታችን በቅን ልቦና የተሠራ እስከሆነ ድረስ ይህ ነውር የለበትም። ዓመት ከዓመት በሳንቲም ሳይለወጥ የተቀመጠ የያልተከፈሉ ወጪዎች ቀሪ ካገኛችሁ ግን፣ አንድ ሰው ሳይገለብጥ ረስቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «መብራቱ በካርድ ቆጣሪ ቢሆንስ?» የሚል ነው፤ ግሩም ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። በካርድ ስትሞሉ ገንዘቡ ቀድሞ ይወጣል፤ ሰኔ 30 ማታ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቀሪ ያልተበላ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ዕዳ ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው። አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት መብራት፣ የሰኔ ወር ፍጆታውም እኩል 28,000 ብር፤ የተለወጠው የክፍያው ቀን ብቻ ነው። ማስተካከያው በትክክል ከተሠራ በሁለቱም ቆጣሪዎች የሰኔ የመብራት ወጪ 28,000 ብር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሂሳብ ሠራተኛው ሰኔ 30 ማታ የጽሕፈት ቤቱን በር ከመዝጋቱ በፊት ወደ ቆጣሪው ሄዶ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ይያዘው፤ ሐምሌ 5 ላይ ቢሄድ የሚያነበው የሌላ ዓመት ቁጥር ነው።